የጋን ውስጥ አንጎል ብሆንስ? የፑትናም መልስ እስከ የት ያስኬዳል

ነገሩን መጀመሪያ እናስቀምጠው። አንድ አንጎል አለ። ራስ ቅል የለውም፣ ዓይን የለውም፣ እጅ የለውም። በሕይወት የሚያቆየው ፈሳሽ በተሞላ ጋን ውስጥ ተንሳፏል። ድሮ ከዓይን፣ ከጆሮ፣ ከቆዳ መልእክት ያመጡለት የነበሩት ነርቮች አሁን ጫፋቸው በሙሉ ከአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ጋር ተያይዟል። ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ምልክት በትክክለኛው ሰዓት ይልካል። አንጎሉ «ልነሳ» ሲል ትእዛዙ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩም እግር ሲዘረጋ የሚሰማውን፣ የወለሉን ቅዝቃዜ፣ ወንበሩ ሲገፋ የሚያሰማውን ድምፅ፣ ሁሉንም አሰናድቶ መልሶ ይልክለታል። ቡና ሲቆላ ይሸተዋል። ቡና የለም፣ ምጣድ የለም፣ የምትቆላም የለችም።

የጋን ውስጥ መብራት ሲባል ሰምተን እናውቃለን፤ ይሄ ደግሞ የጋን ውስጥ አንጎል ነው።

ጥያቄው ግልጽ ነው። እናንተ ይሄ አንጎል አለመሆናችሁን በምን ታውቃላችሁ?

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚሰጠው መልስ «ራሴን ቆንጥጬ አያለሁ» ዓይነት ነው። መቆንጠጥ ግን ምልክት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሕመሙንም ይልካል። እሺ፣ ጠንከር ያለ ማስረጃ እንፈልግ። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነሱ። ማሽኑ ውስጥ ተኝታችሁ ያ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ሲያልቅ ሐኪሙ ምስሉን ያሳያችኋል፤ ራስ ቅል ይኸው፣ አንጎል በውስጡ ይኸው። ተረጋገጠ? አልተረጋገጠም። የማሽኑ ድምፅ፣ የሐኪሙ ፊት፣ ምስሉ ራሱ፣ ሁሉም በዚያው ሽቦ የመጡ ናቸው። የጋን ውስጥ አንጎል ኤምአርአይ «ቢነሳ» የሚያየው ምስል ልክ እንደዚሁ ነው። ችግሩ ማስረጃችን ስላነሰ አይደለም። የትኛውም ማስረጃ ቢመጣ በሁለቱም ሁኔታ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚመጣ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ እንለይ። ተጠራጣሪው «የጋን ውስጥ አንጎል ናችሁ» አይልም። «ሳትሆኑ አትቀሩም» እንኳ አይልም። የሚለው «አለመሆናችሁን አታውቁም» ብቻ ነው። ከዚያች ትንሽ ነገር ተነስቶ ነው ቤቱን በሙሉ የሚያፈርሰው። አካሄዱ ይሄ ነው። እጅ እንዳለኝ ካወቅኩ፣ እጅ የሌለው የጋን ውስጥ አንጎል አለመሆኔንም ማወቅ መቻል አለብኝ፤ ሁለቱ አብረው ሊሆኑ አይችሉማ። የጋን ውስጥ አንጎል አለመሆኔን ግን አላውቅም። ስለዚህ እጅ እንዳለኝ አላውቅም። አሁን «እጅ» የሚለውን አውጡና «እናት»፣ «ጎረቤት»፣ «ዓባይ» የፈለጋችሁትን አስገቡ። ያው ነው የሚሠራው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1641 ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት ኃያልና ተንኮለኛ መንፈስ በሁሉም ነገር እያታለለኝ ቢሆንስ ብሎ ጽፏል። ሽቦውና ኮምፒውተሩ የዚያ መንፈስ ዘመናዊ ልብስ ናቸው። ለጥርጣሬው ከተሰጡት መልሶች በጣም ደፋሩ ደግሞ የካምብሪጁ ፈላስፋ ጂ. ኢ. ሙር እ.ኤ.አ. በ1939 የሰጠው ነው። እጁን አነሳና «ይኸው አንድ እጅ፣ ይኸው ሌላ እጅ፣ ስለዚህ የውጭው ዓለም አለ» አለ። እንዲህ የሚል ሰው ክርክሩን ከታች ወደ ላይ ያነበዋል፦ እጅ እንዳለኝ አውቃለሁ፣ እንግዲህ የጋን ውስጥ አንጎል አይደለሁም፣ አለቀ። የሚሳቅበት ይመስላል፣ ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ያም ሆኖ ተጠራጣሪውን ዝም አያሰኘውም፤ የተጠየቀው ነገር ራሱ መልስ ሆኖ ስለቀረበለት።

እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ከዚህ ሁሉ ለየት ስላለ መልስ ነው። ባለቤቱ አሜሪካዊው ፈላስፋ ሒላሪ ፑትናም ነው፤ በሃርቫርድ ለረጅም ዓመታት ያስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፈ ሰው። መልሱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ለየት የሚያደርገው ማስረጃ አለመፈለጉ ነው። ዓለምን አይመረምርም፣ ስሜቶቻችንን አይመረምርም። የሚመረምረው «የጋን ውስጥ አንጎል ነኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር አስቦት እውነት የሚሆንለት አንጎል ከየት ይመጣል? ብሎ ይጠይቃል።

ግን መጀመሪያ ታሪኩን ትንሽ ያስተካክለዋል፤ ማስተካከያው ላይ ካልተጠነቀቅን በኋላ እንሳሳታለን። በተለመደው ታሪክ አንድ እብድ ሳይንቲስት አለ፤ ትናንት ሰው የነበረውን ሌሊት ጠልፎ ጋን ውስጥ ይከተዋል። ፑትናም ሳይንቲስቱን አስወጣው። በእሱ ታሪክ የሚያስብና የሚሰማው ፍጡር በሙሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጋን ውስጥ ነው። ማሽኑን የሠራው ማንም የለም፤ ዓለም ሲፈጠር እንዲያው በአጋጣሚ ጋንና ጋኑን የሚንከባከብ ማሽን ሆኖ ተገኘ እንበል ይላል። ለምን እንዲህ አጠበቀው? ከውጭ ሆኖ «ጋን» የሚለውን ቃል በትክክል የሚያውቅና ለአንጎሎቹ የሚያስተላልፍ አንድም ሰው እንዳይኖር ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከአንጎሎቹ መካከል እውነተኛ ጋን ያየ የለም፤ ካየ ሰው የሰማም የለም።

አሁን ወደ ጉንዳኗ እንሂድ፤ ፑትናም የሚጀምረው ከእሷ ነው። ጉንዳን አሸዋ ላይ ትሄዳለች። ዞራ ተጠማዝዛ የራሷን ዱካ እያቋረጠች ሄዳ ሄዳ የተወችው መስመር ቁርጥ የዊንስተን ቸርችልን ፊት መሰለ። ጉንዳኗ ቸርችልን ሳለች ማለት ነው? አንልም። ቸርችልን አታውቀውም፣ አላየችውም፣ ልትስለውም አላሰበችም። መስመሩ ቸርችልን መምሰሉ ብቻ የቸርችል ሥዕል አያደርገውም። አንድ ነገር ሌላውን መምሰሉ ስለዚያ ነገር እንዲናገር አያደርገውም።

«ጉንዳን ስለማታስብ ነዋ» ትሉ ይሆናል። ሐሳብ ሲኖር ሥዕሉ የሆነ ነገርን ያመለክታል ነው ነገሩ። ፑትናም እዚህ ላይ ነው የሚይዘን። ዛፍ በቅሎባት የማታውቅ ሌላ ፕላኔት አስቡ ይላል። እዚያ የሚኖሩ እንደኛ ያሉ ሰዎች ዛፍ አይተው አያውቁም፣ ስለ ዛፍም ሰምተው አያውቁም። አንድ ቀን ወረቀት ላይ ቀለም ተደፋ፤ የተደፋው ቀለም በአጋጣሚ ቁርጥ ዛፍ መሰለ። አንዱ ሰውዬ ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ምስሉ አእምሮው ውስጥ ቀረ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ዛፍ አሰብኩ እንበል። ሁለታችን አእምሮ ውስጥ ያለው ምስል በምንም አይለይም። ግን እኔ ስለ ዛፍ እያሰብኩ ነው፤ እሱ ስለ ዛፍ እያሰበ አይደለም፤ የተደፋ ቀለም ነው ያየው። ስለዚህ አእምሮ ውስጥ ያለ ምስልም ቢሆን በራሱ ኃይል ወደ ውጭ ተዘርግቶ አንድን ነገር አይነካም። አስማት የለም።

ቃልም እንደዚሁ ነው። ይሄንን በራሴ ላሳያችሁ። እኔ ከተማ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዝግባና ጥድ አጠገብ ለአጠገብ ብታቆሙልኝ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለይም። ስለ ሁለቱም ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አንድ ነው፦ ትልቅ፣ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚታይ፣ ጥሩ እንጨት የሚወጣው ያገር ዛፍ። በቃ። ታዲያ ጥድ እያየሁ «ይሄ ዝግባ ያምራል» ብል ተሳስቻለሁ ወይስ አልተሳሳትኩም? ተሳስቻለሁ፤ ዛፍ የሚያውቅ ሰው ቢሰማኝ ያርመኛል፣ እኔም እታረማለሁ። «ዝግባ» የሚለው ቃል እኔ አፍ ውስጥም ሆኖ የሚያመለክተው ዝግባን ነው፤ ልዩነቱ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የለም። የት ነው ያለው? ቃሉን ከወረስኩባቸው ሰዎች ጋር፣ እነሱም ከዛፉ ጋር ባላቸው ግንኙነት ነው። አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ዛፉን በእጁ ነክቶ «ዝግባ» ብሏል፤ እኔ የያዝኩት የዚያን ገመድ ጫፍ ነው። ፑትናም ራሱ ይህንኑ ነጥብ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካና በአውሮፓ በሚታወቁ፣ እሱ መለየት በማይችላቸው ሁለት ዛፎች አሳይቶታል። የቃል ትርጉም ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይደለም የሚለው አቋሙ የተገነባው እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ይሄ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገን። ቃል አንድን ነገር የሚያመለክተው ተናጋሪው ከነገሩ ጋር፣ በቀጥታም ይሁን በሰው በሰው፣ የሆነ ትክክለኛ ግንኙነት ካለው ነው።

አሁን ወደ ጋኑ እንመለስ። አንጎላችን እድሜ ልኩን እዚያ ውስጥ ነው። እሱም እንደኛው ቋንቋ የሚመስል ነገር አለው፤ «ዛፍ»፣ «ጋን»፣ «ጠላ» የሚሉ ቃላትን ያስባል። አንድ ቀን ጠላ ተጠምቆ «ጋኑ ኩሽና ጥግ ተቀምጧል» ብሎ አሰበ እንበል። ይህ ሐሳብ ስለ ምንድን ነው? ስለ እውነተኛ ጋን ሊሆን አይችልም፤ ከእውነተኛ ጋን ጋር ቃሉን የሚያገናኘው ገመድ የለም። «ጋን» የሚለውን ቃል በተጠቀመ ቁጥር ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ኮምፒውተሩ የሚልክለት የጋን ምስል ነው፤ ወይም ምስሉን የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ምልክት፣ ወይም ምልክቱን የሚያወጣው የፕሮግራሙ ክፍል። ፑትናም ከእነዚህ አንዱን አይመርጥም፤ ሦስቱም ለክርክሩ ይበቃሉ። ለመግባባት ያህል «የምስል ጋን» እንበለው።

እዚህ ላይ ጎበዝ አንባቢ እጁን ያነሳል። «ቆይ፣ አንጎሉ ከእውነተኛው ጋን ጋር ግንኙነት አለውኮ! ውስጡ ነው ያለው! ጋኑ ቢሰበር ይሞታል!» ትክክል ነው፣ ጥሩ ጥያቄም ነው። ግን ያ ግንኙነት ለሁሉም ቃል እኩል ነው። ጋኑ «ጋን» ለሚለው ቃል የሚያደርገው ሁሉ «ዝሆን» ለሚለውም፣ «ሐሙስ» ለሚለውም ያደርገዋል፤ አንጎሉን በሕይወት ያቆየዋል፣ በቃ። በዚያ ከሄድን አንጎሉ የሚያስበው ቃል በሙሉ ጋንን ሊያመለክት ነው፣ ይሄ ደግሞ ትርጉም የለውም። «ጋን» የሚለው ቃል ከሌሎቹ ቃላት ተለይቶ በተለይ የሚከተለው ነገር ነው የምንፈልገው፤ እሱ ደግሞ የምስሉ ጋን ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ተከትሎ ይመጣል። «ጋኑ ኩሽና ጥግ ተቀምጧል» የሚለው የአንጎሉ ሐሳብ እውነት ነው! በእሱ ቋንቋ «ጋን» የምስሉን ጋን፣ «ኩሽና» የምስሉን ኩሽና ስለሚያመለክት፣ በምስሉ ውስጥ ደግሞ ጋኑ በትክክል ጥግ ላይ ስላለ። ምስኪኑ አንጎል ተታልሎ የሚኖር መስሎን አዘንንለት፤ በራሱ ቋንቋ ግን የሚያስበው አብዛኛው ነገር ልክ ነው።

ልክ የማይሆነው የቱ ነው? አንጎሉ አንድ ምሽት ተክዞ «የጋን ውስጥ አንጎል ነኝ» ብሎ ካሰበ ያ ሐሰት ነው። በእሱ ቋንቋ ይህ ማለት «በምስል ጋን ውስጥ ያለ የምስል አንጎል ነኝ» ማለት ነው። እሱ ግን የምስል አንጎል አይደለም፤ ኮምፒውተሩ በሚልክለት ምስል ውስጥ እጅና እግር ያለው፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። የምስሉን ጋን ከፍቶ ቢያይ ጠላ እንጂ ራሱን አያገኝም።

እንግዲህ ሁለቱን እንደምር። የጋን ውስጥ አንጎል ካልሆንኩ «የጋን ውስጥ አንጎል ነኝ» ብል ሐሰት ነው፤ ይሄ ግልጽ ነው። የጋን ውስጥ አንጎል ከሆንኩ ደግሞ አሁን ባየነው ምክንያት ያንኑ ብል አሁንም ሐሰት ነው። በሁለቱም በኩል ሐሰት ነው። ፑትናም ከዚህ ተነስቶ ሐሳቡ ራሱን በራሱ ያፈርሳል ይላል። «እኔ የለሁም» እንደማለት ነው፤ ማንም ይህን ቢያስብ በማሰቡ ብቻ ሐሰት ያደርገዋል። ኤምአርአይ አላስፈለገም፣ መቆንጠጥ አላስፈለገም።

መጀመሪያ ሳነበው የተሰማኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኪሴ የተዳበሰ ያህል ነው። አንድ ነገር ተወስዶብኛል፣ የት ጋ እንደሆነ ግን አላየሁም። ብዙ ሰው እንደዚሁ ይሰማዋል፤ ስሜቱም መሠረት የለሽ አይደለም። የት ጋ እንደሆነ እንፈልግ።

የመጀመሪያው ቦታ ይሄ ነው። ፑትናም ያሳየው አንድ ዓረፍተ ነገር በእኔ አፍ ሐሰት እንደሆነ ነው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ግን ስለ ዓረፍተ ነገር አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነው። ጋን ውስጥ ነኝ ወይስ አይደለሁም? «ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ነው» ከሚለው ወደ «ጋን ውስጥ አይደለሁም» ለመሻገር፣ ዓረፍተ ነገሩ በእኔ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። የምናገረው ግን የእኛን አማርኛ ነው ወይስ የጋኑን አማርኛ? እሱማ ጥያቄው ራሱ ነው! እ.ኤ.አ. በ1986 አንቶኒ ብሩክነር የሚባል ፈላስፋ ይህን ቀዳዳ በጥንቃቄ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር ብዙው እሱ ላይ ነው የሚያጠነጥነው።

የፑትናም ወገኖች መልስ አላቸው፣ ቆንጆም ነው። የትኛውን ቋንቋ እንደምናገር ሳላውቅ እንኳ አንድ ነገር አውቃለሁ ይላሉ፦ በእኔ ቋንቋ «ጋን» የሚለው ቃል ጋንን ያመለክታል። ይህን ማንም በራሱ ቋንቋ ቢናገረው አይሳሳትም። ከዚያ ክርክሩ አጭር ይሆናል። የእኔ «ጋን» ጋንን ያመለክታል። የጋን ውስጥ አንጎል «ጋን» ጋንን አያመለክትም። ስለዚህ እኔ የጋን ውስጥ አንጎል አይደለሁም። ሁለት መነሻ፣ አንድ መደምደሚያ። ቀዳዳው የተደፈነ ይመስላል።

ቆይ ግን። ይህንኑ ክርክር አንጎሉም ሊያስበው ይችላል። ቃል በቃል። እኛ ከውጭ ቆመን፣ ጋኑን በዓይናችን እያየን፣ አንጎሉ በኩራት «የእኔ ጋን ጋንን ያመለክታል፣ የጋን ውስጥ አንጎል ጋን ጋንን አያመለክትም፣ እንግዲህ አይደለሁም» ብሎ ሲደመድም እንሰማዋለን እንበል። ተሳስቷል? አልተሳሳተም! በእሱ ቋንቋ መነሻዎቹም መደምደሚያውም እውነት ናቸው፤ የምስል ጋን ውስጥ ያለ የምስል አንጎል አይደለምና። ግን ጋን ውስጥ ነው። እያየነው። ክርክሩ ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ፣ እኛ የፈራንለትን ነገር ግን ፈጽሞ አልነካውም።

ለእኔ የዚህ ጉዳይ ልቡ እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ፈላስፋው ቶማስ ናጌል የጻፈው መልስም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሐሳቡን በራሴ አባባል ላስቀምጠው። እሺ፣ ፑትናም ልክ ነው እንበል፤ አንጎሉ «የጋን ውስጥ አንጎል ነኝ» የሚለውን እውነት ሊያስበው አይችልም። ታዲያ ምን ተከተለ? ጥርጣሬዬን በእነዚያ ቃላት መግለጽ አልችልም ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ ቃላቱን እተዋቸውና እንዲህ እላለሁ፦ ስለ ራሴ እውነቱን ለማሰብ የሚያስፈልጉት ሐሳቦች ራሳቸው የሌሉኝ፣ ካለሁበት ሁኔታም የተነሳ ላገኛቸው የማልችል ሰው ልሆን እችላለሁ። ይሄማ ጥርጣሬ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? እንዲያውም ከፊተኛው ይብሳል። የፊተኛው ተጠራጣሪ ቢያንስ ምን እንደሚፈራ ያውቅ ነበር።

ለፑትናም ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር መባል አለበት። እሱ ዋና ዒላማው ተጠራጣሪው አልነበረም። ዒላማው ከማንም እይታ ውጭ፣ በእግዚአብሔር ዓይን እንደሚታይ ተደርጎ ስለሚሳል ዓለም ያለን ሐሳብ ነው። ከላይ እኛ ምን እንዳደረግን አስተውሉ፤ «ከውጭ ቆመን ጋኑን እያየን» አልን። ፑትናም «ማን ነው ከውጭ የቆመው?» ብሎ ይጠይቃል። በእሱ ታሪክ ከውጭ ማንም የለም፤ የሚያስብ ፍጡር በሙሉ ጋን ውስጥ ነው። እኛ ግን ሳናውቀው ለራሳችን የእግዚአብሔርን ወንበር ስበን ተቀመጥንበት፣ ከዚያ ሆነን ለአንጎሉ አዘንን። የናጌል ጥርጣሬም ከዚያው ወንበር ነው የሚናገረው ሊል ይችላል። ናጌል በበኩሉ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ባንችልም ወንበሩ እንዳለ ማሰብ እንችላለን ይላል። እኔ ወደ ናጌል አዘነብላለሁ። ለአንድ አንጎል ከቃሎቹ በላይ የሆነ እውነት ሊኖር እንደሚችል አሁን በምሳሌው ካየሁ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ያ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው መንገድ የፈላስፋው የዴቪድ ቻልመርስ ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። እሱ ቀድመን ያየነውን የሚገርም ነገር ይዞ ይሮጣል። የጋን ውስጥ አንጎል አብዛኛው ሐሳቡ እውነት ከሆነ፣ እኔም እንደሱ ብሆን አብዛኛው ሐሳቤ እውነት ነው። እጅ አለኝ፤ እጄ ሲመረመር ግን በስተመጨረሻ የተሠራው ከኮምፒውተር ስሌት ሆኖ ይገኛል። ጠረጴዛ ከአቶም መሠራቱን ስንሰማ «እንግዲያው ጠረጴዛ የለም» አላልንም፤ እዚህም አንለውም ነው ሐሳቡ። ይሄ ጥርጣሬውን በሌላ በር ያስወጣዋል፤ ጋን ውስጥ አለመሆኔን ባላውቅም እጅ እንዳለኝ ግን አውቃለሁ ማለት ነው። ለጠረጴዛ ያሳምነኛል። ስለ እናቴ ስታወሩኝ ግን ያን ያህል አያሳምነኝም፤ ስለ እሷ የማምነው የሚሰማትና የምታስብ ሰው መሆኗን ነውና፣ ከምስሏ በስተጀርባ የሚያስብ አንጎል ከሌለ ስሌት ብቻውን ያንን እምነት እውነት አያደርግልኝም።

የመጨረሻው ድክመት ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል። ፑትናም ታሪኩን «ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሁሉም» ብሎ እንዳጠበቀው አስታውሱ። ያንን እንፍታው። አንዲት ሴት አርባ ዓመት በሰላም ኖራለች። ጠላ ጠምቃለች፣ እውነተኛ ጋን በእጇ አጥባለች፣ አጥናለች። ትናንት ሌሊት ጠልፈው አንጎሏን ጋን ውስጥ ከተቱት። ዛሬ ጠዋት «ተነስታ» የሆነ ነገር ጠረጠራትና «ምናልባት የጋን ውስጥ አንጎል ሆኜ እንዳይሆን» ብላ አሰበች። የእሷ «ጋን» ምንን ያመለክታል? እውነተኛ ጋንን። የአርባ ዓመት ገመድ አለው፤ በአንድ ሌሊት አይበጠስም። ስለዚህ ሐሳቧ እውነት ነው፤ ትክክለኛ ነገር ነው የጠረጠረችው፤ የፑትናም መልስ ደግሞ ለእሷ አንዲት ቃል አይልም። ሰው በተለምዶ የሚፈራው ደግሞ ይሄንን ነው፣ ትናንት የተጠለፈውን እንጂ ሲፈጠር ጀምሮ ጋን ውስጥ የኖረውን አይደለም።

ታሪኩን ትንሽ ካስቀጠልነው ጭራሽ ይወሳሰባል። ሴትየዋ እዚያው ጋን ውስጥ ቆየች፤ ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት። በየቀኑ «ጋን» ስትል ከወዲያ የሚመልስላት የምስሉ ጋን ነው። ብዙ ፈላስፎች እንዲህ ባለ ሁኔታ የቃሉ ትርጉም ቀስ እያለ ወደ አዲሱ አካባቢ ይዞራል ይላሉ፤ ሰው አገር ለውጦ ሲኖር ቃሎቹ አዲሱን አገር ማመልከት እንደሚጀምሩት። ያ ልክ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት «የጋን ውስጥ አንጎል ነኝ» ስትል እውነት ተናግራለች፣ በሠላሳኛው ዓመት ያንኑ ስትል ሐሰት። ጋኑ ከቦታው አልተነሳም፣ ሽቦው አልተነቀለም፣ እሷም አንድም ቀን ለውጥ አልተሰማትም። መቼ ነው የዞረው? በሦስተኛው ዓመት? በአሥራ ሁለተኛው? ለፑትናም ክርክር መሠረት የሆነው «ቃል የሚያመለክተው ግንኙነት ያለውን ነገር ነው» የሚለው ሐሳብ ለዚህ የሚሰጠን ቀን የለም።